የመምህራንን የሥራ ጭነት በትምህርት ዓይነትና በፈረቃ ማመዛዘን፦ የድልድል ማስታወሻና የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ማብራሪያ አዘገጃጀት

በሁለት ፈረቃ በሚያስተምር ትልቅ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የነሐሴ ወር ሲደርስ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም «መምህር ጎድሎናል ወይስ ያሉንን መምህራን በአግባቡ አልደለደልናቸውም?» የሚል ነው። ርእሰ መምህሩ «የሒሳብ መምህር እጥረት አለብን» ብለው ይጽፋሉ፤ ጽሕፈት ቤቱ ወይም ቦርዱ ደግሞ የተማሪውንና የመምህሩን ቁጥር አካፍሎ «በአማካይ ስናየው በቂ መምህር አላችሁ» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘው ሳይግባቡ ይቀራሉ። የማያግባባቸው አማካዩ የሚሸፍነው ነገር በማስታወሻው ላይ ተተንትኖ አለመቅረቡ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ትንታኔው እንዴት እንደሚሠራ፣ በማስታወሻው ላይ እንዴት እንደሚሰፍርና የክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ምክንያት እንዴት እንደሚብራራ በአንድ ምሳሌ እናሳያለን። በምሳሌው ያሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በእነርሱ ፋንታ በሥራ ላይ ያለውን የሥርዓተ ትምህርት የክፍለ ጊዜ ድርሻና የራሱን የመምህራን መዝገብ ማስገባት ይኖርበታል።

ምሳሌው

ትምህርት ቤቱ 48 ሴክሽኖች አሉት። 24ቱ የ10ኛ ክፍል ሲሆኑ ጠዋት ይማራሉ፤ 24ቱ የ9ኛ ክፍል ሲሆኑ ከሰዓት በኋላ ይማራሉ። በአንድ ሴክሽን 60 ተማሪዎች አሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። በአንድ ፈረቃ በቀን 6 ክፍለ ጊዜ፣ በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ይሰጣል። ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ የ20 ደቂቃ ዕረፍት ስላለ የጠዋቱ ፈረቃ ከ2፡00 እስከ 6፡20፣ የከሰዓቱ ከ6፡40 እስከ 11፡00 ይቆያል።

የሥራው መጠን እንግዲህ 48 ሲባዛ በ30፣ ማለትም በሳምንት 1440 ክፍለ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቱ 72 መምህራን አሉት። 1440 ለ72 ሲካፈል ለእያንዳንዱ መምህር በትክክል 20 ክፍለ ጊዜ ይደርሳል። የሚመለከተው አካል ያወጣው ጣሪያ 25 ነው ብንል፣ በዚህ ስሌት ምንም ጉድለት ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ በትምህርት ዓይነት ሲዘረዘር መልኩ ይለወጣል።

| የትምህርት ዓይነት | ጠቅላላ ክፍለ ጊዜ በሳምንት | መምህራን | አማካይ |
|---|---|---|---|
| ሒሳብ (በሴክሽን 5) | 240 | 9 | 26.7 |
| እንግሊዝኛ (5) | 240 | 11 | 21.8 |
| አማርኛ (3) | 144 | 8 | 18 |
| ፊዚክስ (3) | 144 | 7 | 20.6 |
| ኬሚስትሪ (3) | 144 | 8 | 18 |
| ባዮሎጂ (3) | 144 | 8 | 18 |
| ታሪክ (2) | 96 | 6 | 16 |
| ጂኦግራፊ (2) | 96 | 6 | 16 |
| ዜግነት (2) | 96 | 4 | 24 |
| አይሲቲ (1) | 48 | 2 | 24 |
| ስፖርት (1) | 48 | 3 | 16 |

የሒሳብ መምህራን ከጣሪያው በላይ ናቸው፤ የታሪክ፣ የጂኦግራፊና የስፖርት መምህራን ከአማካዩ በታች ናቸው። የማስታወሻው የመጀመሪያ ገጽ ይህን ሠንጠረዥ መያዝ አለበት። ሠንጠረዡ ብቻውን ግን ገና ጥያቄ እንጂ መልስ አይደለም፤ ምክንያቱም 26.7 ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር መምህር በእውነት የለም።

ጭነት የሚጨምረው በሴክሽን ነው

አንድ መምህር የሚረከበው ሴክሽንን እንጂ ነጠላ ክፍለ ጊዜን አይደለም። የሒሳብ መምህር ሴክሽን በተጨመረለት ቁጥር ጭነቱ በ5 ይጨምራል። ስለዚህ 20፣ 25 ወይም 30 ይሆናል እንጂ 27 ሊሆን አይችልም። 48 ሴክሽኖች ለ9 መምህራን ሲደርሱ ስድስቱ አምስት አምስት፣ ሦስቱ ደግሞ ስድስት ስድስት ሴክሽን ይይዛሉ። ስድስት ሴክሽን 30 ክፍለ ጊዜ ነው። በአንድ ፈረቃ ያለው ክፍለ ጊዜም 30 ስለሆነ፣ ያ መምህር ከሰኞ እስከ ዓርብ አንዲት ባዶ ክፍለ ጊዜ አይኖረውም። ደብተር የሚያርምበት ሰዓት አይተርፈውም፤ ሰሌዳ አዘጋጁም ቢሆን ከእርሱ ጋር የሚጋጭ ሌላ መምህር ሲያጋጥመው የሚያንቀሳቅስበት ክፍት ቦታ አያገኝም። በአማካዩ ላይ ከጣሪያው 1.7 ብቻ ያለፈ የሚመስለው ጉድለት ሲተረጎም ለሦስት ሰዎች ሊሠራ የማይችል ፕሮግራም ይሆናል ማለት ነው።

ጉድለቱን በትክክል ለማወቅ ስሌቱን ከሌላኛው ጫፍ እንጀምረዋለን። ከዘጠኙ አንዱ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ስለሆኑና የሥራ ባልደረቦቻቸውን ክፍል ገብተው ስለሚከታተሉ አራት ሴክሽን ይያዙ፤ የቀሩት ስምንቱ እስከ ጣሪያው አምስት አምስት ይያዙ። ይህ 44 ሴክሽን ይሆናል። የቀሩት አራት ሴክሽኖች፣ ማለትም 20 ክፍለ ጊዜ፣ መምህር የላቸውም።

አሁን በፈረቃ እንለየው። ጠዋት ኃላፊው አራት፣ ሌሎች አራት መምህራን አምስት አምስት ቢይዙ 24ቱ ሴክሽኖች ይሸፈናሉ። ከሰዓት የሚቀሩት አራት መምህራን 20 ሴክሽን ይይዛሉ። እንግዲህ ጉድለቱ «የሒሳብ መምህር እጥረት» በሚል ጠቅላላ ስም የሚጠራ ሳይሆን «በከሰዓቱ ፈረቃ፣ በ9ኛ ክፍል፣ አራት ሴክሽን፣ 20 ክፍለ ጊዜ፣ አንድ መምህር» ነው። ማስታወሻው ከዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ የሚያነበው ኃላፊ የሚወስነው ነገር ያገኛል።

ዝቅተኛ የሚመስለው ጭነት ሁሉ ዝቅተኛ አይደለም

ሠንጠረዡን የተመለከተ ሰው ወዲያው የሚያነሣው አሳብ «16 ያለው ይጨመርበት» የሚል ነው። ይህ አሳብ ከመጽደቁ በፊት ሌሎች ሁለት መለኪያዎች መታየት አለባቸው፤ እነርሱም መምህሩ የሚመዝናቸው ተማሪዎች ብዛትና የሚሠራበት ፈረቃ ናቸው።

የስፖርት መምህሩን እንውሰድ። 16 ክፍለ ጊዜ አለው፤ ሆኖም ለአንድ ሴክሽን በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚገባ 16 ሴክሽኖችን ያስተምራል። ይህም 960 ተማሪዎች ማለት ነው። የሒሳብ መምህሩ በ25 ክፍለ ጊዜው የሚያስተምረው 300 ተማሪዎችን ነው። ተከታታይ ምዘና በሚመዘገብበትና የሴሚስተሩ ውጤት በሚጠናቀርበት ሳምንት የስፖርት መምህሩ ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነ የውጤት ዝርዝር ይሞላል። የአይሲቲ መምህራን ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ፈረቃ፣ ማለትም 24 ሴክሽንና 1440 ተማሪዎች ይዘዋል። በአንጻሩ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህር በሳምንት አምስት ጊዜ አዲስ ትምህርትና የቤት ሥራ ስለሚያዘጋጅ የእርሱ ድካም ከዝግጅቱና ከእርማቱ ላይ ነው። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ማወዳደር አይቻልም። በማስታወሻው ላይ ከእያንዳንዱ መምህር ስም ትይዩ ክፍለ ጊዜ፣ የተማሪ ብዛት፣ የዝግጅት ብዛትና ፈረቃ የሚሉ አራት ዓምዶች መኖራቸው ይህን ይፈታል። ዝግጅት የምንለው የተለያየ ክፍል ደረጃ ወይም የተለያየ የትምህርት ዓይነት ሲሆን እያንዳንዱ ለብቻው የሚቆጠር ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከፊዚክስ ነው። 48 ሴክሽኖች ለሰባት መምህራን ሲደለደሉ ስድስቱ ሰባት ሰባት፣ አንዱ ስድስት ይይዛሉ። ስድስት የያዙት መምህር 18 ክፍለ ጊዜ ብቻ ስላላቸው ቀላል ሥራ የያዙ ይመስላሉ። ነገር ግን በጠዋቱ ፈረቃ ሦስት መምህራን 21 ሴክሽን ሸፍነው ሦስት ይተርፋል፤ በከሰዓቱም እንዲሁ ሦስት ይተርፋል። እኚያ መምህር የሚይዙት እነዚህን ትራፊዎች ነው። ስለዚህ በሁለት ፈረቃ ይሠራሉ፤ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ሁለት ዝግጅት ይኖራቸዋል፤ ሰሌዳቸው ካልተጠነቀቅንለትም በሳምንት አምስቱንም ቀን ከ2፡00 እስከ 11፡00 በግቢው ሊቆዩ ይችላሉ። የሒሳቡ ጉድለት በእርሳቸው ላይ መጫን የለበትም።

ያለውን አስቀድሞ ማሸጋሸግ

አዲስ መምህር የሚጠይቅ ማስታወሻ፣ ትምህርት ቤቱ ባለው ኃይል የሚችለውን እንዳደረገ ማሳየት አለበት። በምሳሌያችን ሊደረግ የሚችለው ሁለት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ዜግነትን ይመለከታል። አራቱ መምህራን 12 ሴክሽን፣ 24 ክፍለ ጊዜና 720 ተማሪዎች ይዘዋል። ስድስቱ የታሪክ መምህራን ስምንት ስምንት ሴክሽን አላቸው። እያንዳንዱ የታሪክ መምህር በራሱ ፈረቃ ሁለት የዜግነት ሴክሽን ቢወስድ 12 ሴክሽኖች ይተላለፋሉ። የታሪክ መምህራን ወደ 20 ክፍለ ጊዜ ከፍ ይላሉ፤ የዜግነት መምህራን ወደ ዘጠኝ ሴክሽንና 18 ክፍለ ጊዜ ይወርዳሉ። የታሪክ መምህራኑ ሁለት ዝግጅት ስለሚኖራቸው ከ20 በላይ አይጨመርባቸውም። ይህ ሽግሽግ የሚቻለው መምህራኑ በማኅደራቸው ባለው የትምህርት ማስረጃ መሠረት ለማስተማር የሚችሉ ሲሆኑ ነው። ማስረጃውን ሳያዩ «ቅርብ ሙያ ነው» ብሎ መመደብ በሱፐርቪዥን ጊዜ የሚነሣ ጥያቄን ያስከትላል፤ የሚጎዳው ግን ተማሪው ነው።

ሁለተኛው ሒሳብን ይመለከታል፤ ይህ ግን ጊዜያዊ መፍትሔ ነው። የከሰዓቱ ኬሚስትሪ አራት መምህራን ስድስት ስድስት ሴክሽን፣ 18 ክፍለ ጊዜ ይዘዋል። ከእነርሱ ሦስቱ ሒሳብን በሁለተኛ መስክነት ያጠኑ ናቸው እንበል። አንድ አንድ የ9ኛ ክፍል የሒሳብ ሴክሽን ቢይዙ 23 ይሆናሉ፤ ፈረቃቸውም አይለወጥም። አራተኛውን ሴክሽን በሙያቸው የሒሳብ መምህር የሆኑት ምክትል ርእሰ መምህር ይይዛሉ። አራቱ ሴክሽኖች በዚህ ይሸፈናሉ። የሚከፈለውም ዋጋ በግልጽ ይጻፋል፦ ሦስቱ መምህራን ሁለት ዝግጅት ይኖራቸዋል፤ በቤተ ሙከራ የሚያጠፉት የዝግጅት ሰዓት ያንሳል፤ ምክትል ርእሰ መምህሩም በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ ከክትትል ሥራቸው ይቀንሳሉ። ጊዜያዊ መፍትሔ የሚያበቃበት ቀን ካልተጻፈለት ቋሚ ይሆናል። ጥያቄውን የሚመረምረው አካልም «እንግዲህ ተሸፍኗል» ብሎ ፋይሉን ይዘጋዋል።

የአይሲቲ መምህራን ጭነት ግን በዚህ መንገድ አይቃለልም፤ በመዝገቡ ሌላ ባለሙያ ስለሌለ። ይህን ሳይደብቁ መጻፍና የክፍል ኃላፊነት፣ የክበብና የፈተና ኮሚቴ ሥራ እንዳይሰጣቸው መወሰን የሚቻለው ሁሉ ነው። የክፍል ኃላፊነት በቅድሚያ የሚሰጠው ከ20 በታች ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ዝግጅትና አንድ ፈረቃ ላላቸው ነው፤ በምሳሌያችን እነዚህ የጂኦግራፊ፣ የአማርኛና የባዮሎጂ መምህራን ናቸው።

የማስታወሻው አጻጻፍ

ማስታወሻው ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የስም ዝርዝሩና ሰሌዳው በአባሪ ይያያዛሉ። ጉዳዩ በሚለው መስመር ላይ የሚፈለገው ውሳኔ ይጻፋል፤ «የመምህራንን ሁኔታ ስለ ማሳወቅ» ከሚል ርእስ ውሳኔ አይገኝም። ዋናው ሐተታ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦

> ጉዳዩ፦ ለከሰዓት ፈረቃ አንድ የሒሳብ መምህር እንዲመደብልን ስለ መጠየቅ
>
> በትምህርት ቤታችን በ48 ሴክሽኖች በሳምንት 240 የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይሰጣል። ያሉን ዘጠኝ የሒሳብ መምህራን ሲሆኑ፣ ስምንቱ 25 እና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ 20 ክፍለ ጊዜ ይዘው 220 ክፍለ ጊዜ ይሸፍናሉ። በከሰዓት ፈረቃ አራት የ9ኛ ክፍል ሴክሽኖች፣ 240 ተማሪዎች፣ ቋሚ የሒሳብ መምህር የላቸውም።
>
> በዜግነትና በታሪክ መካከል ሽግሽግ አድርገናል (አባሪ 1)። አራቱን የሒሳብ ሴክሽኖች ሦስት የኬሚስትሪ መምህራንና ምክትል ርእሰ መምህሩ እስከ አንደኛው ሴሚስተር መጨረሻ ብቻ እንዲይዙ መድበናል (አባሪ 2)። ከዚያ በኋላ ይህ አሠራር የኬሚስትሪን የቤተ ሙከራ ትምህርት ስለሚጎዳ አይቀጥልም።
>
> ስለሆነም ከሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ አንሥቶ 20 ክፍለ ጊዜ የሚይዝ አንድ የሒሳብ መምህር እንዲመደብልን እንጠይቃለን።

እያንዳንዱ ቁጥር በአባሪው ተፈልጎ መገኘት አለበት። ከመፈረሙ በፊት ሦስት ድምር ይመሳከራል፦ የእያንዳንዱ ትምህርት ዓይነት የመምህራን ጭነት ሲደመር የዚያ ትምህርት ጠቅላላ ክፍለ ጊዜ መሆኑ፣ የእያንዳንዱ ፈረቃ ድምር 720 መሆኑ፣ የሁሉም ድምር 1440 መሆኑ። ከሦስቱ አንዱ ካልተገናኘ አንድ ሴክሽን ያለ መምህር ቀርቷል ወይም ሁለት ጊዜ ተደልድሏል።

በሴሚስተሩ ውስጥ የሚታወቅ ፈቃድም አስቀድሞ ይሰላል። በፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሠረት የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነበር። ይህ የሴሚስተሩን አብዛኛውን ክፍል የሚወስድ ስለሆነ በድንገት እንደ ደረሰ መቅረት በየቀኑ ተተኪ እየፈለጉ የሚሸፈን አይደለም፤ ሴክሽኖቹ ለማን እንደሚተላለፉ በማስታወሻው ይጻፋል።

የሰሌዳው ማብራሪያ

ሰሌዳው ከተለጠፈ በኋላ ቅሬታ የሚበዛው ብዙውን ጊዜ ስለ ጭነቱ መጠን ሳይሆን ጭነቱ ስላረፈበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ከሰሌዳው ጋር ሕግጋቱን የሚገልጽ አንድ ገጽ ማብራሪያ ይለጠፋል። የማይጣሱት ሕጎች ሁለት ናቸው፦ አንድ መምህር በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አይመደብም፤ አንድ ሴክሽንም በአንድ ክፍለ ጊዜ ያለ መምህር ወይም ከሁለት መምህር ጋር አይገኝም። የቀሩት በተቻለ መጠን የሚጠበቁ ናቸው፤ ሲጣሱም ምክንያታቸው ይጻፋል።

ከእነዚህ ዋነኛው የስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ክፍፍል ነው። ተማሪው የሚደክምበት፣ መምህሩም የማይወደው ሰዓት ነው። በአንድ ፈረቃ 24 ሴክሽኖች በአምስት ቀን 120 ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ አላቸው። ከቀኑ ክፍለ ጊዜዎች አንድ ስድስተኛው ስለሆነ ተገቢው ድርሻ የመምህሩ ጭነት ለ6 ተካፍሎ ይገኛል፤ 25 ያለው አራት ያህል፣ 18 ያለው ሦስት ይደርሰዋል። ሰሌዳው ሲያልቅ ከእያንዳንዱ ስም ትይዩ ይህን መቁጠር ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። አንዱ አምስት፣ እኩል ጭነት ያለው ሌላው አንድ ካገኘ ሰሌዳው ገና አላለቀም። ተመሳሳይ ቆጠራ ለሴክሽኖቹም ይደረጋል፤ የአንድ ሴክሽን ሒሳብ ከአምስቱ ሦስት ጊዜ በስድስተኛው ላይ ከወደቀ ይነሣል።

ቀጥሎ የሚታየው በሁለት ፈረቃ የሚሠራ መምህር ሰሌዳ ነው። የፊዚክሱን መምህር የጠዋት ሦስት ሴክሽኖች ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ የከሰዓት ሦስቱን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ዓርብ ብናደርጋቸው ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየቀኑ ሦስት፣ ዓርብ ስድስት ክፍለ ጊዜ ይኖራቸዋል፤ ሁለቱ ፈረቃዎች የሚገናኙት ዓርብ ብቻ ነው። ሳምንቱ አምስት ቀን ስለሆነና ሁለቱ ፈረቃዎች ሦስት ሦስት ቀን ስለሚፈልጉ ከዚህ የተሻለ ማድረግ አይቻልም፤ በማብራሪያው የሚጻፈውም ይኸው ነው። ዓርብ የጠዋቱ ከአራተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልፍ፣ የከሰዓቱም ከሁለተኛው ሳይቀድም እንዲሆን ይደረጋል፤ በዚህም በመካከል ምሳ የሚበሉበትና የሚያርፉበት ሁለት ሰዓት ያህል ያገኛሉ። ስለ ስፖርት ሦስተኛ መምህርም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ስምንት ሴክሽን በጠዋት፣ ስምንት በከሰዓት ስላላቸው።

ምዝገባው ሲያበቃ

በነሐሴ የተጻፈው ሁሉ በሴክሽን ብዛት ግምት ላይ የቆመ ነው። መስከረም ላይ ዘግይተው የሚመዘገቡና በዝውውር የሚመጡ ተማሪዎች አሉ፤ የማይመለሱም አሉ። በምሳሌያችን ከሰዓት አንድ ሴክሽን ቢታጠፍ 30 ክፍለ ጊዜ ይቀንሳል፤ የሒሳቡ ጉድለትም ከአራት ሴክሽን ወደ ሦስት ይወርዳል። በዚህ ጊዜ በመጀመሪያ የሚለቀቁት ምክትል ርእሰ መምህሩ ናቸው። ሁለት ሴክሽን ቢጨመር ደግሞ ጉድለቱ ስድስት ሴክሽን፣ 30 ክፍለ ጊዜ ይሆናልና የተጠየቀው አንድ መምህር አይበቃም። ስለዚህ የማስታወሻው መጨረሻ ላይ «የሴክሽን ብዛት በመስከረም ሦስተኛ ሳምንት ይጣራል፤ ለውጥ ካለ የተስተካከለ ሠንጠረዥ ይላካል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይግባ፤ የማጣራቱን ኃላፊነት የወሰደው ሰው ስምም ከጎኑ ይጻፍ። ሁለተኛው ሠንጠረዥ በመጀመሪያው ቅርጽ መዘጋጀቱ የተለወጠውን መስመር በአንድ ዕይታ ለመለየት ያስችላል።